ልጄ የፌስቡክ ፍለጋውን ያጥፋ ወይስ ልከልክለው?

የልጅ አባት፣ አዘዞ፦ የ14 ዓመት ልጄ ማታ ማታ በእኔ ስልክ፣ በእኔ ፌስቡክ ይገባል። ትናንት መፈለጊያውን ስነካው ባዶ ሆነብኝ። ከስሩ ይደረደሩ የነበሩት የድሮ ፍለጋዎች የሉም። አጥፍቷቸው ነው? ማጥፋቱንስ ልከልክለው?

ነጋዴ፣ ቅዳሜ ገበያ፦ ከልክለው እንጂ! የሚደብቀው ከሌለው ለምን ያጠፋል? አፑን አጥፍተህ መልሰህ ጫነው፤ የጠፋው ሁሉ ይመለሳል።

ስልክ ጠጋኝ፣ ፒያሳ፦ ጋሼ፣ መዝገቡ የሚቀመጠው ስልኩ ላይ ሳይሆን አካውንቱ ላይ ነው። ስለዚህ ያልጠፋው አፑ ቢጠፋም አይጠፋም። Clear searches ተብሎ የጠፋ ግን አይመለስም። ማን እንዳጠፋውም አይጽፍም፤ ባዶ ሆኖ ብቻ ነው የሚታየው።

ዋናው ነገር ሌላ ነው። Settings & privacy ውስጥ Activity log የሚለውን ክፈቱት። የጠፋው ፍለጋው ብቻ ነው። ላይኩና አስተያየቱ ለብቻቸው ይመዘገባሉ። ባለፈው አንድ አባት ስልኩን ይዞ መጣ። ፍለጋው ጸድቷል። ላይኮቹን ስንከፍት ግን እሱ ሰምቶት የማያውቅ ገጽ በእሱ ስም ላይክ ተደርጎ አገኘን። መዝገቡን የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ላይኩን ግን ዘመድ አዝማዱ ያየዋል። እሱን በየተራ ማንሳት ነበረብን።

እናት፣ ማራኪ፦ እኔ ከእህቴ ጋር አንድ ስልክ ነው ያለን። ስለ ሕመሜ የፈለግኩትን አይታ ቤቱን በጥያቄ አመሰችው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አጠፋለሁ። ያጠፋ ሁሉ ሌባ ነው እንዴ? ልጁ ስለ ገላው ሊጠይቅ አፍሮ ይሆናል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ፦ እኔም ክሮም ላይ አጥፍቼ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ሌላ ኮምፒውተር ላይ በጂሜይሌ ገብቼ ሳየው ሁሉም ተደርድሮ ቁጭ ብሏል።

ስልክ ጠጋኝ፣ ፒያሳ፦ ያጸዳሽው ብሮውዘሩን ነው እህቴ። ጉግል የያዘው myactivity.google.com ላይ ነው። እዚያ የአንድ ሰዓቱን፣ የአንድ ቀኑን ወይም ሁሉንም መርጠሽ ማጥፋት ትችያለሽ። በየ3፣ በየ18 ወይም በየ36 ወሩ በራሱ እንዲያጠፋም ይታዘዛል።

የልጅ አባት፣ አዘዞ፦ የፌስቡኩን Activity log አሁን ከፈትኩት። የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ የኳስ ገጾች ናቸው። አንድ የማላውቀው ሰው ፎቶ ሥር ግን በእኔ ስም ስድብ ተጽፏል። አጠፋሁት። የራሱን አካውንት ልክፈትለት መሰለኝ።

ነጋዴ፣ ቅዳሜ ገበያ፦ ያን ጊዜማ ጭራሽ ምንም አታይም!

እናት፣ ማራኪ፦ ስድቡን እኮ ያገኘኸው ልጁ ሊያጠፋው ስላላሰበ ነው። ከመክፈትህ በፊት ለምን እንደጻፈው ጠይቀው።