የአሥርቱ ትእዛዛት ሰሌዳ «ቁጥሩ ልክ አይደለም» ተባልኩ፤ ጠዋት ይወሰዳል፣ ድረሱልኝ

የኮዬ ማስታወቂያ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ኮዬ ፈጬ ትንሽ የማስታወቂያ ሥራ አለችኝ። አንድ አባት የአሥርቱ ትእዛዛት ሰሌዳ አዘዙኝ። ጽሑፉን ከኢንተርኔት አውርጄ፣ በስቲከር አትሜ፣ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ። አሁን ማታ መጥተው አዩትና «አትስረቅ ሰባተኛ ነው፣ መጨረሻውም ልክ አይደለም» ብለው ሄዱ። እኔ ጋ አትስረቅ ስምንተኛ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሊወስዱት ይመጣሉ። ትክክለኛው የቱ ነው? ስቲከሩ ውድ ነው፣ ሁለቴ ማተም አልችልም።

ሹፌሩ
ስምንተኛም ሆነ ሰባተኛ፣ ዋናው አለመስረቁ ነው ወንድሜ! መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ነው። ዘጸአት 20ን ገልጠህ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጥ።

ብሩክ ዘጀሞ
ቁጥሩን አውጣውና ገላገል። ትእዛዙ ብቻ ይቀመጥ።

ዲያቆን ከለገጣፎ
ሹፌሩ፣ ዘጸአት 20 ላይ ያለው የምዕራፉ የቁጥር ምልክት ነው እንጂ የትእዛዝ ቁጥር አይደለም። «አትግደል» እዚያ ቁጥር 13 ነው። እሱን ከገለበጠ አትስረቅ አሥራ አምስተኛ ሊሆንበት ነው። መጽሐፉ «አሥሩ ቃላት» ብሎ ይጠራቸዋል፣ ዘጸአት 34፥28 ላይ። አንደኛ፣ ሁለተኛ ብሎ ግን አልቆጠራቸውም። ቃሉን ስትቆጥር «አድርግ» እና «አታድርግ» የሚለው ከአሥር ይበልጣል። ስለዚህ የቱ ከየቱ ጋር አንድ ላይ እንደሚቆጠር አባቶች ወሰኑ፣ ሁሉም ግን በአንድ ዓይነት መንገድ አልወሰኑም።

ጠያቂ፣ ዋናውን ነገር አልነገርከንም። አባትየው የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ናቸው?

የኮዬ ማስታወቂያ (ጠያቂ)
አልጠየቅኳቸውም። ክርስቲያን ናቸው ብዬ አንድ ነው መስሎኝ። ስልካቸው አሁን ዝግ ነው።

የጀሞ ሱቅ
ይቅርታ ወንድሜ፣ ስቲከር በካሬ ስንት ትሠራለህ? ለሱቄ በር ፈልጌ ነበር።

የወንጌል ልጅ
ነገሩ ግልጽ ነው። አትስረቅ ሰባተኛ የሚሆነው ሁለተኛው ትእዛዝ ሲወጣ ነው። «የተቀረጸውን ምስል ለአንተ አታድርግ» የሚለውን ማለቴ ነው። ሥዕል ስላላቸው አወጡት፣ ከዚያ አሥር እንዲሞላ መጨረሻውን ከፈሉት። ያንተ ሰሌዳ ትክክል ነው፣ እንዳትነካው።

እናት ዓለም (አያት)
ወንድሜ የወንጌል ልጅ፣ እኔ የመካነ ኢየሱስ ነኝ። እኛም አትስረቅን ሰባተኛ ብለን ነው የምንቆጥረው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ግን በሥዕል ፊት የሚሰግድ ሰው የለም። ታዲያ ምን ለመደበቅ አወጣነው?

ይህ ጉዳይ ቤቴ ገብቶ አሳዝኖኛል። ባለቤቴ ሙሉ ወንጌል ነው ያደገው። ልጃችን ትምህርት ቤት «አምስተኛው ትእዛዝ ምንድን ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። እኔ እንዳስተማርኩት «አትግደል» ብሎ ጻፈ። መምህሩ ኤክስ አደረገበት፣ «አባትና እናትህን አክብር ነው» ብሎ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «እማዬ፣ ዋሽተሽኛል?» አለኝ። ከባድ ነው።

ዲያቆን ከለገጣፎ
እትዬ እናት ዓለም፣ ልጁ ትክክል ነው፣ መምህሩም በራሱ አቆጣጠር ትክክል ነው። ጥያቄው «በየትኛው አቆጣጠር?» የሚል ቃል ጎድሎታል።

የወንጌል ልጅ፣ ግማሹ አለህ። ምስልን ለብቻው ሁለተኛ አድርጎ መቁጠርና አለመቁጠር ሁሉንም ቁጥር በአንድ እንደሚያዛውር እውነት ነው። ምክንያቱ ሥዕል ነው የሚለው ግን አይሄድም። የግሪክ ኦርቶዶክሶችን ተመልከት። ቤተ ክርስቲያናቸው ከጣሪያ እስከ ግድግዳ ሥዕል ነው። እነሱ ግን ምስልን ለብቻው ሁለተኛ ትእዛዝ ብለው ይቆጥራሉ፣ ልክ እንደ ካልቪን ተከታዮች። አይሁድ ደግሞ ምኩራባቸው ውስጥ ጣዖት የሚባል ነገር የለም። «ሌሎች አማልክት አይሁኑልህ» እና «ምስል አታድርግ» የሚለውን ግን አንድ ላይ ነው የሚቆጥሩት፣ ሁለተኛ ብለው። አንደኛው ለእነሱ «ከግብፅ ምድር ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ» የሚለው ነው። ስለዚህ አቆጣጠሩን አይተህ ሥዕል ይኑር አይኑር ማወቅ አትችልም።

ምስልን ከአንደኛው ጋር አንድ አድርጎ መቁጠርን በምዕራቡ ያስፋፋው አውግስጢኖስ ነው። የሥላሴን ምሥጢር እያሰበ ሦስቱን ለእግዚአብሔር፣ ሰባቱን ለባልንጀራ መደበ። ካቶሊክ ያንን ያዘች። ሉተርም በፈረንጆች 1529 የእምነት ማስተማሪያውን ትንሹን ካቴኪዝም ሲያወጣ ያንኑ አቆጣጠር ቀጠለ። መካነ ኢየሱስ የመጣው በዚያ መስመር ነው።

የወንጌል ልጅ
ስለ ግሪኮቹ አላውቅም ነበር። ግን ካቴኪዝም ላይ የምስሉ ቃል ሳይጻፍ ሲቀር ሰው አያውቀውም፣ ይሄ ደግሞ እውነት ነው። ለብቻው ቁጥር ሲኖረው ልጅ በቃሉ ይይዘዋል።

ዲያቆን ከለገጣፎ
እዚህ ላይ እስማማለሁ። ለብቻው ሲቆጠር ክብደቱ ይጨምራል፣ ሰውም ስለ እሱ ብቻ ይሰብካል። በሉተር ትንሹ ካቴኪዝም ላይ የምስሉ ቃል አልተጻፈም፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ግን አልተነካም።

ሹፌሩ
ወገኖች፣ ልጁ ስቲከሩን ይዞ ቆሟል እኮ! ሌሊቱ እያለቀ ነው።

ትዕግሥት
ቁጥሩን አውጣው፣ ብሩክ እንዳለህ። ማንም አይጣላህም።

የሰንበት ተማሪ
ቁጥር ማውጣቱ አይበቃም። አባትየው «መጨረሻውም ልክ አይደለም» ብለዋል። ተዋሕዶ ከሆኑ አሥረኛው «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት በቃላችን የያዝነው እንደዚህ ነው፦ ስምንተኛው በሐሰት አትመስክር፣ ዘጠነኛው አትመኝ፣ አሥረኛው ባልንጀራህን ውደድ። ያንተ ሰሌዳ ላይ ይህ ቃል አለ?

የኮዬ ማስታወቂያ (ጠያቂ)
የለም! መጨረሻዬ «የባልንጀራህን ቤት አትመኝ፣ የባልንጀራህን ሚስት…» እያለ ይሄዳል፣ እሱ ነው አሥር።

ሹፌሩ
ባልንጀራህን ውደድ የሚለው ዘጸአት 20 ላይ የለም። ከየት መጣ?

ዲያቆን ከለገጣፎ
ዘሌዋውያን 19፥18 ላይ ነው ያለው። ማቴዎስ 19 ላይ ያ ወጣት «የትኞቹን?» ብሎ ሲጠይቅ ጌታችን ምን እንዳለው አንብብ። አትግደል፣ አታመንዝር፣ አትስረቅ፣ በሐሰት አትመስክር፣ አባትህንና እናትህን አክብር ብሎ ከዘረዘረ በኋላ መጨረሻ ላይ «ባልንጀራህንም እንደ ራስህ ውደድ» አለ። እኔ አሥረኛውን ያን እያሰብኩ ነው የምለው።

አሁን ወደ ሥራው። ጠያቂ፣ ጠዋት ሲመጡ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቃቸው። ሁለተኛው ምንድን ነው? አሥረኛውስ?

ሁለተኛው «የተቀረጸ ምስል» ካሉህ ያንተ ሰሌዳ ልክ ነው። አትስረቅ ሰባተኛ ስላሉ ግን ይህን አይሉህም። ሁለተኛው «የእግዚአብሔርን ስም በከንቱ አትጥራ» ይሉሃል። ያኔ የሚለየው አሥረኛው ነው። «ባልንጀራህን ውደድ» ካሉ ተዋሕዶ ናቸው። መመኘቱን ለሁለት ከፍለው ዘጠነኛው ሚስት፣ አሥረኛው ንብረት ካሉ ካቶሊክ ናቸው።

እናት ዓለም (አያት)
ዘጠነኛው «ቤት» ካሉ ደግሞ የእኛ ናቸው! እኛ ዘጠነኛውን «የባልንጀራህን ቤት አትመኝ» ብለን ነው የምንጀምረው፣ ሚስቱና ሎሌው አሥረኛ ውስጥ ይገባሉ። ዘጸአት ቤትን ያስቀድማል፣ ዘዳግም 5፥21 ሚስትን ያስቀድማል። ካቶሊኮቹ ዘዳግምን ይዘው ነው ያሉን።

ዲያቆን ከለገጣፎ
ልክ ነሽ እትዬ።

ብሩክ ዘጀሞ
እኔም የምለው ቁጥሩን አውጣ ነው።

የኮዬ ማስታወቂያ (ጠያቂ)
ገባኝ፣ ግን ጠዋት ጠይቄ እንደገና ለማተም ጊዜ የለኝም። ሰሌዳው 80 በ120 ሳንቲ ሜትር ነው። እንደገና ካተምኩ ያገኘሁት በሙሉ ይሄዳል።

ቀለም ቀቢው (ሰበታ)
ወንድሜ፣ ሙሉውን አታትም። እኔ ይህን ሥራ 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ዲያቆኑ ያለውን ልብ ብለህ እይ። በአራቱም አቆጣጠር እስከ በሐሰት አትመስክር ድረስ የቃሉ ቅደም ተከተል አንድ ነው። የሚንቀሳቀሰው ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹ ያሉበትን ግራውን ጠርዝ ብቻ በጠባብ ስቲከር ሸፍን።

አንደኛው መስመር ፩ ይሁን። የምስሉ መስመር ቁጥር አይኑረው፣ የ፩ ተከታይ ይሆናል፣ ቃሉም አልጠፋም። ስሙን በከንቱ የሚለው ፪፣ ሰንበት ፫፣ አባትና እናት ፬፣ አትግደል ፭፣ አታመንዝር ፮፣ አትስረቅ ፯፣ በሐሰት ፰፣ አትመኝ ፱። ከታች አንድ መስመር ትጨምራለህ፦ ፲ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ። ከታች ስንት ሳንቲ ባዶ አለህ?

የኮዬ ማስታወቂያ (ጠያቂ)
15 ገደማ። አንድ መስመር በደንብ ይገባል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ግን ካቶሊክ ወይም መካነ ኢየሱስ ቢሆኑስ?

ቀለም ቀቢው (ሰበታ)
የቁጥሩ ጠርዝ እስከ ፰ ድረስ ያው ነው፣ እሱን አሁን ሥራ። ከበሐሰት በታች ያለውን ቦታ ክፍት ተወው። የታችኛውን ስቲከር በሦስት ዓይነት አትመህ አስቀምጥ፣ ጠዋት ጠይቀህ የሚሆነውን ለጥፍ። ሦስት ጭረት ስቲከር ብዙ አይፈጅም። የድሮውን የመጨረሻ መስመር ግን ቀስ ብለህ በሙቀት ላጠው። በሞቀ ፎን ያዝ፣ በጥፍር አትጎትት፣ አለዚያ ሰሌዳው ይላጣል።

የሰንበት ተማሪ
አንድ ነገር ልጨምር። ጓደኛዬ የያዘችው አንድ የተዋሕዶ ጽሑፍ ላይ ምስሉ ለብቻው ሁለተኛ ተብሎ አይታለች። ስለዚህ «ተዋሕዶ ነኝ» ቢሉህም አሥረኛውን በአፋቸው ይንገሩህ፣ ገምተህ አትለጥፍ።

ዲያቆን ከለገጣፎ
እንዲህ ያለ ጽሑፍ አለ፣ ልክ ነሽ። የትኛው ይበልጣል በሚለው እኔና አንቺ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

የኮዬ ማስታወቂያ (ጠያቂ)
መብራት ጠፋ። ፕሪንተሩ ቆሟል። ሲመጣ እቀጥላለሁ።

እናት ዓለም (አያት)
ዲያቆን፣ የልጄን ወረቀት ይዤ መምህሩ ጋ ልሂድ? ነጥቡ ሳይሆን ልጁ «ዋሽተሽኛል» ማለቱ ነው የሚያሳስበኝ።

ዲያቆን ከለገጣፎ
ሂጂ እትዬ። ሳትቆጪ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘሽ። ዘጸአት 20ን ከፍተሽ የትእዛዝ ቁጥር የት እንዳለ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ልጁም አብሮሽ ይሁን።

የጀሞ ሱቅ
በካሬ ስንት ነው ታዲያ?

ሹፌሩ
2 ሰዓት አልፏል። አባትየው መጡ ወይስ አልመጡም?