ተከራዮቼ «የምን ገበያ?» አሉኝ፤ ዛሬ ማታ ምን ብዬ ልጻፍላቸው?

ግራጫ በር (ጠያቂ)

እባካችሁ ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። የማከራያቸው ሦስት ቤቶች አሉኝ። ውል ሊታደስ 26 ቀን ነው የቀረው። ትናንት ማታ ለሦስቱም በስልክ «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ኪራዩ 30 በመቶ ይጨምራል፣ ገበያው ነው» ብዬ ላክሁ። ዛሬ ጠዋት አንዱ «የምን ገበያ?» አለኝ። አንዷ ዕቃዬን ማሸግ ጀምሬአለሁ አለች። ሦስተኛዋ ስልክ አታነሳም። ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ እንዲወጡብኝ አልፈልግም። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አልጨመርኩም። እንዴት ላስረዳቸው? ዛሬውኑ የሚሰጥ ደብዳቤ ነው የምፈልገው።

ቀጥ ያለው

ወንድሜ፣ ቤቱ ያንተ ነው። ማስረዳት ምን አመጣው? ዋጋውን ትናገራለህ፣ የሚችል ይከፍላል፣ የማይችል ይወጣል። ሦስት ዓመት አለመጨመርህ ነው ስህተቱ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ብትጨምር ኖሮ ማንም አይደነግጥም ነበር።

የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ

@ቀጥ ያለው እኔ ተከራይ ነኝና የኔን ልንገርህ። አከራዬ ልክ እንዲህ ባለ አጭር መልእክት ጨመረብኝ። ገንዘቡን መክፈል እችል ነበር። ግን «ዛሬ እንዲህ ያለኝ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ምን ይለኛል?» ብዬ ፈራሁና ወጣሁ። ያስወጣኝ ጭማሪው ሳይሆን ነገ ምን እንደሚመጣ አለማወቄ ነው። ምክንያቱንና ቀኑን በወረቀት ቢሰጠኝ ዛሬም እዚያው ነበርኩ።

ሠርክ ብርሃን

ለማስወጣት ከሆነ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጥ፣ ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት ነው የሚኬደው።

ግራጫ በር

ኧረ ማስወጣት አልፈልግም! እንዲቆዩ ነው የምፈልገው።

ቁልፍ ያዥ

ልጄ፣ ሃያ ዓመት የሰው ቤት ሳስተዳድር የቆየሁ ሴት ነኝ። ደብዳቤው ይደርሳል፣ መጀመሪያ ሦስት ነገር መልስልኝ። ውልህ ስለ ኪራይ ጭማሪ ማስታወቂያ ምን ይላል? የሦስቱም ውል በአንድ ቀን ነው የሚያልቀው? 30 በመቶውን ከየት አመጣኸው?

ጎረቤት

በደብዳቤ አድርገው። በስልክ መልእክት አይሆንም።

ግራጫ በር

ውሉን አሁን አወጣሁት። «የኪራይ ለውጥ ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ይገለጻል» ይላል። ይህን ረስቼው ነበር። ደግሞ ስልክ የማታነሳው ሴት ውሏ ገና 5 ወር ይቀረዋል፣ የሌሎቹ ነው 26 ቀን የቀረው። 30 በመቶው ከማስታወቂያዎች ነው፤ የኔን የሚመስሉ ሰባት ቤቶች አይቼ አማካዩን ወሰድኩ።

ቁልፍ ያዥ

እንግዲያው ከባዱ ነገር ተገኘ። ሴትዮዋ ስልክ ያላነሳችው ልክ ስለሆነች ነው። ውል በመሐሉ አይነካም፣ ኪራዩን በመሐል መለወጥ እንደሚቻል ውሉ ራሱ ካልጻፈ በቀር። ለእሷ ዛሬውኑ «ያንቺን በስህተት ነው የላክሁት፣ ውልሽ እስኪያልቅ ምንም አይለወጥም» በላት። ለሁለቱም የትናንቱን መልእክት እንደሰረዝከው በግልጽ ጻፍላቸው። ሳትሰርዘው ሁለተኛ ብትልክ የትኛው እንደሚሠራ ግራ ይገባቸዋል።

ስድሳው ቀን የሚቆጠረው ደብዳቤው እጃቸው ከገባበት ቀን ነው፣ አንተ ከጻፍክበት አይደለም። ነገ ብትሰጣቸው 25ቱ ቀን በውሉ ውስጥ ያልፋል፣ ቀሪው 35 ቀን ደግሞ በድሮው ኪራይ ነው። ስድሳው ቀን የወር አጋማሽ ላይ ከወደቀ ወደ ቀጣዩ የክፍያ ቀን ግፋው። ግማሹን ወር በአንድ ዋጋ፣ ግማሹን በሌላ ማስላት ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚያመጣው።

አሁን ወደ ገበያው። ማስታወቂያ ላይ ያለ ዋጋ ሰው የተመኘው ዋጋ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ያለ ተከራይ ተሰቅሎ የቆየ ማስታወቂያ «ይህ ዋጋ በዝቷል» የሚል ማስረጃ ነው፣ አንተ ግን አማካይህ ውስጥ ከተትከው። የሚጠቅምህ በቅርቡ በእርግጥ የተከራየ ቤት ነው፤ ማስታወቂያው በሁለትና በሦስት ሳምንት የወረደ። ደላሎችንና ሌሎች አከራዮችን ደውለህ ጠይቅ፦ በስንት ተከራየ? ኪራዩ ውስጥ ምን ተካቷል?

ደብተር

የምትጨምረው በወጪህ ልክ ነው መሆን ያለበት። ኢንሹራንሱ፣ ግብሩ፣ ጥገናው ስንት ጨመረ? እሱን ደምረህ አሳያቸው፣ ማንም አይከራከርህም።

ግራጫ በር

ኢንሹራንስ ጨምሯል፣ ጣሪያም አስጠግኛለሁ። በዚያ ላስረዳ?

ቁልፍ ያዥ

ደብተር ግማሹን ልክ ነው። ወጪ የሚነግርህ ከየትኛው ዋጋ በታች እንደማያዋጣህ ነው፣ ቤቱ ገበያ ላይ ስንት እንደሚያወጣ አይነግርህም። ደግሞ ተከራይ ሒሳብ ያውቃል። የአሁኑን የአንዱን ቤት ወርኃዊ ኪራይ 100 እንበለው። የኢንሹራንስና የጥገናው ጭማሪ በወር 9 ቢሆን ለሦስት ሲካፈል 3 ነው። 14 ጨምረህ «ወጪ በዛብኝ» ብትል «አሥራ አንዱስ?» ይሉሃል። 3ቱን ለወጪ፣ ቀሪውን ለገበያ ብለህ እንዳለ ጻፈው። ቤቱን የገዛህበትን ብድር ግን አታንሳ፣ እሱ የነሱ ጉዳይ አይደለም።

ጎረቤት

በደብዳቤ ይሁን፣ ፈርመው ይቀበሉህ።

ግራጫ በር

አራት ቦታ ደወልኩ። በርስዎ አቆጣጠር፣ የኔን 100 ብለን፣ በቅርቡ የተከራዩት ሦስቱ በ118፣ በ120ና በ113 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የመኪና ማቆሚያ አላቸው፣ የኔ የለውም። ማቆሚያ ለብቻው እዚህ በ5 ይከራያል። አራተኛው ካየኋቸው ሰባት ማስታወቂያዎች አንዱ ነው፣ በ131 ብሎ ሦስት ወር ባዶ ነው።

ቁልፍ ያዥ

እንዲህ ነው ሥራ! ከሁለቱ 5 ቀንስ፦ 113፣ 115፣ 113። ያንተ ቤት ገበያ 114 አካባቢ ነው፣ 130 አይደለም። ተከራይህ «የምን ገበያ?» ማለቱ ስለዚህ ነው፣ እሱም ጠይቆ ይሆናል።

አሁን አንዱ ቢወጣ ምን እንደምታጣ ቁጠር። አንድ ወር ተኩል ባዶ ቢቀመጥ በ114 ሒሳብ 171 ነው። ቀለምና የደላላ ክፍያ በዝቅተኛ ግምት የአንድ ወር ኪራይ ይሁን፣ 100። ድምሩ 271። አሁን ያሉትን በ110 ብታቆያቸው ከገበያው በወር 4፣ በዓመት 48 ትተዋለህ። የአንድ መውጣት ኪሳራ የአምስት ዓመት ተኩል ቅናሽ ያህላል ማለት ነው። እኔ ብሆን 110 እጽፋለሁ፣ ገበያው 114 እንደሆነም እነግራቸዋለሁ።

የሕግ ተማሪ

አንድ ነገር ልጨምር። ውሉ ስድሳ ቀን ቢልም የምትኖርበት ቦታ ሕግ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። የጭማሪ ጣሪያ ያለበት፣ ከዓመት አንድ ጊዜ በላይ የሚከለክልም ሕግ አለ። ሕጉ ለተከራዩ የበለጠ ከሰጠ በብዙ ቦታ ውሉ አያሸንፈውም። ከማተምህ በፊት አጣራ። ደግሞ ከተከራዮቹ አንዱ በቅርቡ ስለ ጥገና አቤት ብሎ ከሆነ ጭማሪው ብቀላ እንዳይመስል የደወልክላቸውን ቤቶች ዝርዝር በጽሑፍ ያዝ።

ቁልፍ ያዥ

ልክ ነው። ደብዳቤው ይኸው፣ ቀኖቹንና ቁጥሮቹን አንተ ሙላ።

«ትናንት በስልክ የላክሁት መልእክት ተሰርዟል፣ በችኮላ ስለላክሁት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ውላችን በ… ያልቃል። ለአንድ ዓመት ማደስ እፈልጋለሁ። ወርኃዊ ኪራዩ አሁን … ነው፣ ከ… ቀን ጀምሮ … ይሆናል። እስከዚያ የሚከፈለው የድሮው ነው። ባለፉት ሦስት ዓመታት አልጨመርኩም። ከጭማሪው … የኢንሹራንስና የጥገና ድርሻ ነው። ቀሪው በአካባቢው ተመሳሳይ ቤቶች በቅርቡ የተከራዩበትን ዋጋ ተከትሎ ነው፤ የሦስቱን ዋጋ ከታች ጽፌአለሁ፣ የመኪና ማቆሚያው ዋጋ ተቀንሷል። የጠየቅሁት ከነሱ ያነሰ ነው፣ እንድትቆዩ ስለምፈልግ። ማስያዣው አይጨምርም፣ በዓመቱ ውስጥም ሌላ ጭማሪ የለም። እስከ … ድረስ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል፣ የማይመች ነገር ካለም እንነጋገር።»

ሁለት ቅጂ አትም፣ በእጅ ስጥ፣ አንዱ ላይ የተቀበሉበትን ቀን ጽፈው ይፈርሙልህ። ፊርማው መቀበላቸውን ብቻ ነው የሚያሳየው፣ መስማማታቸውን አይደለም። ይህን በቃልህ ንገራቸው፣ አለዚያ መፈረም ይፈራሉ። የመልስ ቀኑን ከውሉ ማለቂያ ጥቂት ቀን ቀደም አድርገው፣ ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጣቸው። ቤት ዞረው አይተው ማወዳደር አለባቸው። ዞረው ካዩ ቁጥርህን ራሳቸው ያረጋግጡልሃል።

የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ

ለኔ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢመጣ ከሁሉ የሚያረጋጋኝ «በዓመቱ ውስጥ ሌላ ጭማሪ የለም» የሚለው ነው። እባክህ እንዳታወጣው።

ቀጥ ያለው

በ110 አልስማማም። ገበያው 114 ካለ 114 ነው። ዘንድሮ 4 ከተውክ የሚቀጥለው ጭማሪ የሚነሳው ከ110 ነው፣ ልዩነቱ እየሰፋ ነው የሚሄደው። የቁልፍ ያዥ ሒሳብ ደግሞ ተከራዩ በ4 ምክንያት ይወጣል ብሎ ነው የሚነሳው። ማን በ4 ምክንያት ዕቃ ይጭናል?

ቁልፍ ያዥ

ያልከው ክብደት አለው፣ ለ4 ብቻ ብሎ የሚወጣ ጥቂት ነው። እኔ 110 ያልኩት ትናንት በ30 ስላስደነገጣቸውና አንዷ ዕቃ ማሸግ ስለጀመረች ነው። ያ መልእክት ባይላክ 113 እል ነበር።

ደብተር

ጭማሪውን ለምን ለሁለት አይከፍለውም? ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ከስድስት ወር በኋላ።

የሕግ ተማሪ

በዓመት አንዴ ብቻ በሚፈቀድበት ቦታ ሁለተኛው እርከን እንደ ሁለተኛ ጭማሪ ሊቆጠር ይችላል። ከመጀመሪያው ሁለቱም ቀንና ሁለቱም ዋጋ ውሉ ላይ ተጽፈው ከተፈረመ ያስኬዳል የሚሉ አሉ። እኔ እርግጠኛ ሆኜ አድርገው አልልህም።

ግራጫ በር

ለሦስተኛዋ ላክሁላት፣ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላለች። የሁለቱን ደብዳቤ እያተምኩ ነው። 110 ወይስ 112 የሚለውን ገና አልወሰንኩም። ጠዋት በእጄ እሰጣቸዋለሁ።

ጎረቤት

ማስፈረሙን እንዳትረሳ።

አዲስ አከራይ

ይቅርታ፣ የኔ ውል ስለ ማስታወቂያ ጊዜ ምንም አይልም፣ «በስምምነት ይታደሳል» ብቻ ነው። ስንት ቀን ልስጥ?

ቁልፍ ያዥ

ሕጉ የሚለውን ካየህ በኋላ፣ ምንም ካላገኘህ ሁለት ወር ስጥ። ቤት ፈልጎ፣ ማስያዣ አዘጋጅቶ ለመልቀቅ አንድ ወር አይበቃም። ስታድስ ደግሞ የቀኑን ቁጥር ውሉ ውስጥ አስገባው።