የ10 ዓመት ልጄ ጡቷ በአንድ በኩል ብቻ አጎጠጎጠ፤ እንዴት ላስረዳት?

ጠያቂዋ፦ ባለፈው እሑድ ልጄን ገላዋን ሳጥባት የግራ ጡቷ ጫፍ ሥር ባቄላ የምታክል ጠጠር ያለች ነገር ነካሁ። «እማ፣ ያመኛል» አለች። በቀኝ በኩል ምንም የለም። «ካንሰር ነው? እሞታለሁ?» ስትለኝ ደንግጬ «ዝም በይ፣ ስታድጊ ታውቂዋለሽ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በሩን ቆልፋ ብቻዋን ነው የምትታጠበው። እኔን እናቴ ምንም አልነገረችኝም። ከየት ልጀምር?

የጎጃሟ አያት፦ ልጄ፣ አትደንግጪ። እኛ ልጆች ሳለን ወንዝ ወርደን የውሃ እናት የምንላትን ጥንዚዛ ይዘን ጡታችንን እናስነክሳት ነበር፣ ቶሎ ያጎጠጉጣል ተብሎ። የዛሬዎቹን ያስቸኮላቸው የፈረንጅ ዶሮ ነው። ጠጠሩን በለጋ ቅቤ እሺላት፣ ይበተናል።

ነርሷ፦ እማማ፣ ማሸቱ ይቅርባት፣ ሕመሙን ይጨምርባታል እንጂ አይበትነውም። ዶሮውም አይደለም። ሴት ልጅ ከ8 እስከ 13 ዓመቷ ባለው ጊዜ ማጎጥጎጥ ትጀምራለች፤ 10 ዓመት መሃል ላይ ነው። አንዱ ቀድሞ ሌላው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ መከተሉም የተለመደ ነው። ቆዳው ከቀላ፣ ከጋለ፣ ትኩሳት ካላት ወይም ከጫፉ መግል ወይም ደም ከወጣ ግን ሐኪም ይያት።

እህቴ፣ መጀመሪያ ያን ቀን ያልሽውን አንሺ። «ደንግጬ ነው የተቆጣሁሽ፣ አንቺ ያጠፋሽው የለም» በያት። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አትጀምሪ፣ ልጅ ዓይን ለዓይን ስትያያት ታፍራለች። ፀጉሯን ስትሠሪላት ጥሩ ነው፤ እጅሽ ሥራ ላይ ነው፣ እሷም ፊቷን አዙራለች። ጥያቄዋን በቀጥታ መልሺላት፦ «ካንሰር አይደለም፣ አትሞቺም። ጡትሽ ማደግ ጀምሯል፣ ግራው ቀደመ።» ከዚያ ዝም በይና ጠብቂ። ካልጠየቀች ለዚያ ቀን ይበቃል።

የሁለት ሴት ልጆች እናት፦ እኔ ስለ ጡቱ ብቻ ነግሬ የወር አበባውን ሲመጣ ይደርሳል ብዬ ተውኩት። ትልቋ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ደም ስታይ የተቆረጠች መስሏት ቀኑን ሙሉ ሹራብ ወገቧ ላይ አስራ ዋለች። ዛሬም ስታነሳው እንባዬ ይመጣል። በኔ ግምት ካጎጠጎጠች በወሩ ይመጣል፣ ሞዴስ ዛሬውኑ ቦርሳዋ ውስጥ ክተቺ።

ነርሷ፦ በወሩስ አይመጣም፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ቀድማ ማወቋ ግን ልክ ነው። ከዚያ በፊት የውስጥ ልብሷ ላይ ነጣ ያለ ፈሳሽ ልታይ ትችላለች። በሽታ እንዳልሆነ ንገሪያት፤ ካሳከካት ወይም መጥፎ ሽታ ካለው ግን ለአንቺ ትንገርሽ። ስለ ደሙ ስትነግሪያት «ደም» በይ፣ «ያ ነገር» አትበይ። ከሽንቷ ቀዳዳ እንዳልሆነ፣ ከኋላው ካለው ከብልቷ እንደሚወጣ ንገሪያት። አንድ ሞዴስ ከፍተሽ አሳያት፣ በቡና ስኒ ውሃ አፍስሺበት። የጥቂቱ ቀን ደም ሁሉ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከዚያች ስኒ አይበልጥም። ደም እየፈሰሰ የሚያልቅ ለሚመስላት ልጅ ይህን በዓይኗ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

አባት ከአዳማ፦ የኔም 11 ዓመቱ ነው፣ እንዲሁ ጡቱ ሥር ጠጠር አለው። ወንድ ልጅ ዶሮ ስለበላ ነው ማለት ነው?

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ የተጠየቀው ስለ ሴት ልጅ ነው፤ ግን ጥሩ አነሳህ። በወንዶችም በጉርምስና ያጋጥማል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል። አፍሮ እንዳይደብቀው ለብቻው አናግረው። እየተለቀ ከሄደ አስመርምረው።

ጠያቂዋ፦ ትናንት ማታ ሹሩባ እየሠራሁላት ነገርኳት። ዝም አለች። ሁለተኛውን ጉንጉን ስጀምር «ቀኙ ቢቀርስ?» አለች። «ይከተላል፣ ስድስት ወር ሊቆይም ይችላል፤ ብዙ ከቆየ አብረን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» አልኳት። ከዚያ «አንቺም እንደዚህ ነበርሽ?» አለችኝ፤ እኔን ቀኙ እንደቀደመኝ ስነግራት ሳቀች። ስኒውን ለቅዳሜ አሳድሬዋለሁ። አንድ ነገር ግን አቃተኝ፦ «ለአባዬ እንዳትነግሪው» አስማለችኝ። ልንገረው?

የጎጃሟ አያት፦ አባት ምን አገባው። ምለሽላታል።

አባት ከአዳማ፦ እኔ ብሆን ባውቅ እመርጣለሁ። ሳላውቅ አቅፌ ባሳምማትስ?

ነርሷ፦ አባትየውን ልንገረው ብለሽ መጀመሪያ እሷን ጠይቂያት። ደረቷን ጥብቅ አድርጎ እንዳያቅፋት ብቻ መናገር ትፈቅድልሽ ይሆናል።