በሰከንድ 17 ፊደል ለአማርኛ ሰብታይትል ይበዛል?

ጠያቂ፦ ለአጭር ፊልም የአማርኛ ሰብታይትል እየሠራሁ ነው። Subtitle Edit ላይ በሰከንድ 17፣ በመስመር 42 ፊደል ብዬ ሞልቻለሁ። ፍጥነቱ ላይ ምንም ቀይ አያሳየኝም። ያየው ሰው ሁሉ ግን «ሳንጨርሰው ይጠፋል» ይለኛል። ለምሳሌ ይቺ፦

```
00:01:12,400 --> 00:01:15,600
ትናንት ማታ ስልክ ደውዬልህ ሳታነሳ ስትቀር
በጣም ደንግጬ ወደ ቤትህ ልመጣ ነበር።
```

ጀማሪ ኤዲተር፦ ለሁለት ክፈላት። መጀመሪያ «ስትቀር» ድረስ ይውጣ፣ ከዚያ የቀረው። ይሄ ሁሉ ቃል አንድ ላይ ሲመጣ ዓይን ያደክማል።

ተርጓሚ፦ መክፈሉ ለዓይን ይቀላል፤ ጊዜ ግን አይጨምርም። ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ተቆጥሮ 51 ፊደል በ3.2 ሰከንድ፣ 16 ገደማ ነው። ብትከፍላትም ያው 16 ናት። ችግሩ ልኩ ላይ ነው። 17 እና 42 ለላቲን ጽሑፍ የተለመዱ ልኮች ናቸው። እዚያ አናባቢው ለብቻው ይቆጠራል፤ በእኛ ፊደል ውስጥ ግን አብሮ አለ። «ደንግጬ» 4 ፊደል ናት፣ በላቲን ብትጽፋት እጥፍ ትሆናለች። ስለዚህ 17 የአማርኛ ፊደል ብዙ ቃል ይሸከማል፤ ሶፍትዌሩ ይህን አያውቅልህም። እኔ በሰከንድ 12፣ በመስመር 28 አካባቢ ላይ እወስናለሁ።

አሁን ቀንስ። ስልክ ካላነሳ መደወሏ የታወቀ ነው፤ «ደውዬልህ» ይውጣ። «በጣም» ድምጿ ላይ ይሰማል። «ትናንት ማታ»ን ከፊቱ ያለው ትዕይንት ካሳየው እሱም ይቅር።

```
00:01:12,400 --> 00:01:15,600
ስልክ ሳታነሳ ስትቀር
ደንግጬ ቤትህ ልመጣ ነበር።
```

30 ፊደል፣ በሰከንድ ከ10 በታች። መስመሩም የሚሰበረው ሐሳቡ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ ነው። «ልመጣ»ን ከ«ነበር» ለይተህ ሁለተኛውን ብቻውን ወደ ታች ብታወርደው አንባቢው ይደናቀፋል። ምንም መቀነስ ካልፈለግክ ደግሞ ለ51ዱ 4.3 ሰከንድ ያህል ያስፈልግሃል። ከንግግሯ በኋላ ዝምታ ካለና ሾቱ ካልተቀየረ ጽሑፉ ትንሽ ይቆይ።

ቪዲዮ ሠሪ፦ እኔም ተቸግሬያለሁ! በስልክ በቁሙ በሚታይ ቪዲዮ ላይ የምጽፈውን የአፑ ቁልፎች ይሸፍኑብኛል። ፊደሉን ላሳንሰው?

ተርጓሚ፦ ኧረ አታሳንሰው። «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነው፣ ሲያንስ ይደበዝዛል። ከታች ከፍ አድርገው፣ ቃል ቀንስ፣ ከዚያ ስልክ ላይ እየው።

የቆየ ኤዲተር፦ 12 እኔ ዘንድ ይጠብቃል። ፈጣን ንግግር ላይ እስከ 14 እሄዳለሁ፣ ተመልካቾቼም ይደርሱበታል። ለልጆች ከሆነ ግን ከ12ም ዝቅ በል። ጽሑፉን የማያውቅ ሰው ድምፅ ዘግታችሁ አሳዩት። ራሳችሁ ብትሞክሩ በቃላችሁ ስለምታውቁት ሁልጊዜ ትጨርሱታላችሁ።

ጠያቂ፦ 12 አድርጌ ስከፍተው ግማሹ ቀይ ሆነ! ይቺኛዋ ተስተካክላለች፣ ተባረኩ። የጠብ ትዕይንቱ ግን አስቸገረኝ። ሁለቱ እኩል ነው የሚጮኹት፣ ዝምታ የሚባል የለም።

ተርጓሚ፦ ታሪኩን የሚገፋው የማን ቃል ነው? እሱን ጻፍ።

የቆየ ኤዲተር፦ አልስማማም። መስማት ለማይችል ተመልካች ከሆነ የአንዱን መጣል ይከብዳል። እኔ የሁለቱንም አሳጥሬ፣ ለእያንዳንዱ አንድ መስመር በሰረዝ እሰጣለሁ።