ያገለገለ አይሱዙ ልገዛ ነው፤ የኋላው አክስል አሳስቦኛል

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ለማመላለስ አንድ ያገለገለ አይሱዙ ኤንፒአር አግኝቻለሁ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው 35 ኩንታል ነው። ሻጩ ግን «እኔ 50 ጭኜ ጣርማ በርን ወጥቼበታለሁ» ብሎ ፎከረ። እሱ መኪናውን ሊያሞግስ ነበር፣ እኔን ግን አስደነገጠኝ።

ከስር ገብቼ አየሁ። የኋላው ባሌስትራ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ቅጠል ተጨምሮበታል። የተጨመሩት አዲስ ስለሆኑ ቀለማቸው ይለያል። ሻንሲው ላይ፣ ባሌስትራው የሚታሰርበት አካባቢ፣ ብየዳ አለ፤ በላዩ ትኩስ ጥቁር ቀለም ተቀብቷል። ከሁሉም የከበደኝ ጎማው ነው። ከኋላ የውስጠኞቹ ጎማዎች በግራም በቀኝም በውስጥ ጠርዛቸው ብቻ ተበልተዋል። አንድ መካኒክ «አክስሉ ከጭነት ብዛት ጎብጧል፣ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ አዘንብለዋል» አለኝ። ሻጩ ደግሞ «የነፋስ ማነስ ነው» ይላል። ነፋስ ቢያንስ ኖሮ ሁለቱም ጠርዝ እኩል አይበላም ነበር?

ሞተሩን ሞቆ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈትኩ። ጭስ እየገፋ ይወጣል። ፋሻው አልቆ ይሆን?

የምጠይቃችሁ፦ የጎበጠ አክስል ተቃንቶ ይጸናል ወይስ መቀየር አለበት? ባዶውን ሳይሆን ጭኜ ዳገት ላይ ልሞክረው ብል ሻጩ እንቢ አለ። ይህስ ምን ይነግረኛል? ቀብድ ሐሙስ ልከፍል ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ።