የጎዳና ነጋዴዎች ዝርዝር የለም፤ ናሙናዬን ከምን ላውጣ?

ሰላም ናችሁ? ለመመረቂያ ጽሑፌ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ዙሪያ መንገድ ዳር የሚነግዱ ሰዎችን እያጠናሁ ነው። ቀበሌ ያገኘሁት ዝርዝር ፈቃድ ያላቸውን ብቻ ነው የያዘው። የኔዎቹ ፈቃድ የላቸውም።

ስለዚህ አካባቢውን በ20 ክፍል ከፈልኩት። ድንበሮቹ በዓይን የሚታዩ ናቸው፦ የመስጊድ አጥር፣ የባጃጅ መቆሚያ። ከጓደኛዬ ጋር እየዞርን ቆጠርን። ጠዋት 3 ሰዓት 186፣ አመሻሽ 11 ሰዓት 274 ሰው አገኘን። እኩለ ቀን ላይማ ሙቀቱ ማንንም አያስቀምጥም።

ችግሩ ሁለቱን መደመር አልችልም። ሳምቡሳ የምትሸጠው እናት የምትወጣው አመሻሽ ብቻ ነው። ቲማቲም የሚሸጠው ልጅ ግን ሁለቴም አለ፣ ያውም በተለያየ ክፍል። የመመረጥ ዕድሉ የሷ እጥፍ ነው ማለት ነው።

ያሰብኩት ቦታና ሰዓትን ማጣመር ነው። 20 ክፍል፣ በቀን 2 ጊዜ፣ 7 ቀን፤ 280 የቦታና ሰዓት ጥምር ይሆናል። ከዚህ 40 በዕጣ አወጣለሁ። ያገኘሁትን ሰው "በሳምንት ስንት ጠዋት፣ ስንት አመሻሽ ትወጣለህ?" እለዋለሁ። 14 ጊዜ የሚወጣው 1/14፣ 7 ጊዜ የሚወጣው 1/7 ክብደት ያገኛል።

እዚህ ጋ ግን ተጣበቅኩ። አንዱ ክፍል 30 ሰው፣ ሌላው 4 ሰው አለው። ከየክፍሉ እኩል 4 ሰው ከወሰድኩ ክብደቱ ይዛባል። በየ3ኛው ሰው ልሂድ? ወይስ 4 ወስጄ የዚያን ሰዓት ቆጠራ ከክብደቱ ጋር ላባዛ? ደግሞ ደብተር ሲያዩ ደንብ አስከባሪ መስያቸው ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። እናንተ እንዴት ቆጠራችሁ?