ቨርጂኒያ ሹሩባ ለመሥራት ፈቃድ ጉዳይ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖቼ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ሦስት ዓመት ቤቴ ሹሩባ ስሠራ ቆየሁ፤ አሁን ደንበኛ በዛና አንድ ፀጉር ቤት ውስጥ ወንበር ልከራይ ስል ባለቤቷ «ላይሰንስሽን አምጪ» አለችኝ። እኔ የማውቀው ቨርጂኒያ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጎንጎን ብቻ ላይሰንስ እንደማትጠይቅ፣ መቁረጥ፣ ቀለምና ሪላክሰር ግን የኮስሞቶሎጂ ላይሰንስ እንደሚፈልጉ ነው።

የተቸገርኩት ድንበሩ ላይ ነው። ባለፈው ለመልሷ አልባሶ የሠራሁላት ሙሽራ ከኋላ የተለቀቀው ፀጉሯ ጫፉ ተሰነጣጥቆ ስላስጠላት «ትንሽ ቁረጪልኝ» አለችኝ። መቀሱን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። የራሷ ፀጉር ስለሆነ ፈራሁ። የተቀጠለ ሰው ሠራሽ ፀጉር ጫፍ ማስተካከልስ እንደ መቁረጥ ይቆጠራል? የከተማውን የንግድ ፈቃድስ ወንበር ተከራይ ለብቻው ነው የሚያወጣው?

ሌላው ገበያ ነው። ትኩረቴን የመልስ ሙሽሮችና ሚዜዎቻቸው ላይ አደረግኩ፤ ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ ስለሚቆም ሁለት ወር ገደማ ወንበሬ ባዶ ሊሆን ነው፣ ኪራዩ ግን አይቆምም። እናቶች ቅዳሜ ልጆቻቸውን ቁጥርጥር እንዲያሠሩ በቤተ ክርስቲያን በኩል ማስታወቂያ ያዋጣል ወይስ ከሜካፕ ሠሪዎች ጋር መተሳሰር ይሻላል? የሞከራችሁ እህቶች እባካችሁ ንገሩኝ፤ ውሉን የምፈርመው ሰኞ ነው።